አጭር ፊልምን ለፌስቲቫል በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ናቸው፤ የሰዓትና የመስመር ርዝመት ልኩ ግን ከየትኛውም ቋንቋ ለሚተረጎም ፊልም ያው ነው።

ሰብታይትል መሥራት የሚጀመረው መቼ ነው?

ኤዲቲንጉ አልቆ "ከእንግዲህ አንድ ፍሬም አይነካም" ከተባለ በኋላ ነው። ትርጉሙን ቀደም ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ሰዓቱን መግጠም ግን አይቻልም። ከመግቢያው ትዕይንት ሁለት ሰከንድ ብትቆርጡ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰብታይትል በሙሉ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል። መሀል መሀሉን ከነካካችሁት ደግሞ መዘግየቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እንደ አዲስ መሥራት ይቀላል።

ከትርጉሙ በፊት የንግግር ዝርዝር አውጡ። ዝርዝሩ የሚወጣው ከስክሪፕቱ ሳይሆን ፊልሙን እያዳመጡ ነው፤ ተዋናይ ካሜራ ፊት ቃል ይጨምራል፣ ይውጣል፣ ያቋርጣል። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ሰዓቱ፣ ተናጋሪው፣ የተባለው በአማርኛ፣ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ። ይህ ሰነድ በኋላም አይጣልም። ፊልሙ ሲመረጥ፣ እንግሊዝኛ በማይነገርበት አገር ያለ ፌስቲቫል በራሱ ቋንቋ ሰብታይትል ለማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ዝርዝር ይጠይቃል።

በምን ፕሮግራም ይሠራል? የሚወጣውስ ፋይል ምን ዓይነት ነው?

Subtitle Edit እና Aegisub ነፃ ናቸው፤ ለአጭር ፊልም ከበቂ በላይ ይሠራሉ። በDaVinci Resolve ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ እዚያው የሰብታይትል ትራክ ከፍታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በየትኛውም ብትሠሩት መጨረሻ ላይ የምታወጡት `.srt` ፋይል ነው። ይህ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ውስጡም ይህን ይመስላል፦

```
27
00:04:12,000 --> 00:04:15,000
I told you: shut that door
before your father comes.
```

መጀመሪያ ተራ ቁጥር፣ ቀጥሎ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ ከዚያ ጽሑፉ፣ በመጨረሻም ባዶ መስመር። ከሰከንዱ በኋላ ያለችው ምልክት ነጥብ ሳትሆን ኮማ ናት። ባዶዋ መስመር ከጠፋች የሚቀጥለው ሰብታይትል ከነቁጥሩና ከነሰዓቱ ስክሪን ላይ ይወጣል። ፋይሉን UTF-8 አድርጋችሁ አስቀምጡ። እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም ብሎ መተው ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከወርድ ተቀድቶ የመጣ የተጠማዘዘ ጥቅስ ምልክት በሌላ ኮድ ሲነበብ `don’t` የነበረው `donâ€™t` ሆኖ ይታያል። ይህን ምልክት ስክሪን ላይ ካያችሁ ጥፋቱ የትርጉሙ ሳይሆን የፋይሉ አቀማመጥ ነው።

አንድ መስመር ስንት ፊደል ይይዛል?

እስከ 42፤ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብም ተቆጥሮ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይወጣም። ሦስተኛ መስመር ከተጨመረ ጽሑፉ ወደ ላይ ይወጣና በቅርብ ሾት የተዋናዩን አፍና አገጭ ይሸፍናል፤ ዓይንም ከጽሑፉ ወደ ፊቱ ለመመለስ ጊዜ ያጣል።

42 ጣሪያ ነው እንጂ የምትሞሉት ልክ አይደለም። ጥሩ የተሠራ ሰብታይትል አብዛኛው መስመሩ ከ35 በታች ነው። አማርኛውን አይቶ ርዝመትን መገመት እንደሚያሳስትም ልብ በሉ። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ላይ ይይዛል፤ ግሡም ባለቤቱንና ተሳቢውን አቅፎ ይሄዳል። "ቀደድኩት" አምስት ፊደል ናት፤ `I tore it up.` ደግሞ 13 ነው። ስለዚህ በስክሪፕቱ ላይ አጭር የሚመስለው ንግግር ነው ብዙ ጊዜ ቦታ የሚያጣብበው።

ስክሪን ላይ ስንት ሰከንድ መቆየት አለበት?

ሦስት ቁጥር መያዝ ነው። አንድ ቃል ብቻ ቢሆን እንኳ ከአንድ ሰከንድ አምስት ስድስተኛ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፊልም ከ20 ፍሬም ያነሰ አይቆይ፤ ከዚያ ካጠረ ብልጭ ብሎ የጠፋ ነገር ሆኖ ይታያል። ከ7 ሰከንድም አይለፍ፤ ሲበዛ ተመልካቹ አንብቦ ጨርሶ እንደገና ማንበብ ይጀምራል። በእነዚህ መካከል የሚወስነው የንባብ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 17 ፊደል።

```
ሰከንድ × 17 = የሚፈቀደው የፊደል ብዛት
```

ለ2 ሰከንድ ንግግር 34፣ ለ3 ሰከንድ 51 ፊደል አላችሁ ማለት ነው። ለአዋቂ ተመልካች በሰከንድ እስከ 20 የሚፈቅዱ የስርጭት መመሪያዎች አሉ። ለፌስቲቫል ግን 17ን መያዝ ይሻላል፤ መራጮቹም ሆኑ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚያነብ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ እንደሚያይ ሰው አቁሞ ወደ ኋላ መመለስም አይችልም። Subtitle Edit ፍጥነቱን ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ያሳያል፤ ካስቀመጣችሁለት ልክ ያለፈውን በቀለም ይለየዋል።

ትርጉሙ ልኩ ውስጥ አልገባ ሲል ምን ይቆረጣል?

አንድ መስመር ይዘን እንሥራው። አንድ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ እናቱ ከውስጥ ትቆጣዋለች። የምትለው ይህ ነው፦ "አንተ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? አባትህ ከመምጣቱ በፊት በሩን ዝጋና ግባ ብዬህ አልነበረም?" ተዋናይቷ ይህን ለማለት የወሰደባት 3 ሰከንድ ነው። ቃል በቃል ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፦

```
You boy, how many times must I tell you? Didn't I tell you to close the door and come in before your father comes?
```

114 ፊደል። ሁለት መስመር ቢበዛ 84 ስለሚይዝ ገና ከመጀመሪያው አይገባም። ለ3 ሰከንድ የተፈቀደው ደግሞ 51 ነው፤ ከግማሽ በላዩ መውጣት አለበት። የሚቀነሰው ግን በዘፈቀደ አይደለም። በመጀመሪያ ድምፁ የሚናገረውን አውጡ፦ "አንተ ልጅ" ውስጥ ያለው ቁጣ እንግሊዝኛ አንባቢውም ጆሮ ይደርሳል። ቀጥሎ ምስሉ የሚናገረውን፦ ልጁ ደጃፍ ላይ ቆሞ እየታየ "ግባ" የሚለው ቃል አያስፈልግም። ከዚያ የተደጋገመውን፦ "ስንት ጊዜ ልንገርህ" እና "ብዬህ አልነበረም" ሁለቱም ቀድሞ መነገሩን ነው የሚሉት፤ አንዱ ይበቃል። የማይነካው ታሪኩ የሚንጠለጠልበት ነው፦ አባትየው ሊመጣ መሆኑና በሩ መዘጋት እንዳለበት።

የሚቀረው ከላይ በናሙናው ያያችሁት ነው፤ `I told you: shut that door` 26 ፊደል፣ `before your father comes.` 25፤ ድምሩ 51። `close` ወደ `shut` የተቀየረው አንድ ፊደል ለማትረፍ ብቻ አይደለም፤ የሚቆጣ ሰው አፍ ውስጥ የሚመጣ ቃል ስለሆነ ነው። ከቆረጣችሁ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከዚህ የወጣው ነገር በኋላ ባለ ትዕይንት ተመልሶ ይመጣል ወይ? "አንተ ልጅ" የሚለው አጠራር በመጨረሻው ትዕይንት ቁልፍ ሆኖ የሚደገም ከሆነ፣ ሌላ ነገር አውጥታችሁ እሱን ማስቀረት አለባችሁ።

መስመሩን የት ላይ ነው የምሰብረው?

ሐሳቡ በሚተነፍስበት ቦታ። በእንግሊዝኛ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ`before`፣ `because`፣ `and`፣ `that` እና ከመስተዋድድ በፊት ነው፤ አያያዡ ቃል ከሚቀጥለው መስመር ጋር ይወርዳል። `the` ከስሙ፣ ቅጽል ከሚገልጸው ስም፣ የሰው ስም ከአባቱ ስም አይነጠልም። ፕሮግራሞች በራሳቸው ሲሰብሩ የሚያዩት የፊደል ቁጥር ስለሆነ `before your / father comes` የሚል ነገር ይሰጧችኋል፤ በዓይን አይታችሁ አስተካክሉ።

በአንድ መስመር የሚገባውን ለሁለት አትስበሩ። ሁለት መስመር ካስፈለገ ደግሞ ለሰዋስው ታማኝ መሆን እኩል ከማድረግ ይቀድማል። አጭሩ ላይ፣ ረጅሙ ታች ቢሆን ምስሉን ያነሰ ይሸፍናል፤ ይህ ግን ምርጫ ካላችሁ ነው።

መቼ ይግባ? መቼ ይውጣ? ካት ሲመጣስ?

የሚገባው የመጀመሪያው ድምፅ በተሰማበት ፍሬም ላይ ነው። ቀድሞ ከገባ ተመልካቹ ተዋናዩ ሳይናገር ያውቅበታል፤ ከዘገየም ሰውዬው እያወራ ባዶ ስክሪን ይታያል። የሚወጣው ንግግሩ ሲያልቅ ነው፤ የንባብ ጊዜው ካልበቃ ግን ከንግግሩ በኋላ እስከ ግማሽ ሰከንድ፣ ሲጨንቅ እስከ አንድ ሰከንድ ማቆየት ይቻላል። በሁለት ተከታታይ ሰብታይትል መካከል ቢያንስ ሁለት ፍሬም ባዶ ተዉ፤ በ24 ፍሬም 83 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ያቺ ብልጭታ ከሌለች ዓይን ጽሑፉ መቀየሩን አይይዝም፤ በተለይ ሁለቱም እኩል ርዝመት ካላቸው።

ካት ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ምስሉ ሲቀየር ዓይን ጽሑፉም የተቀየረ ይመስለውና ያነበበውን ደግሞ ያነብባል። ስለዚህ ንግግሩ ካቱ አካባቢ የሚያልቅ ከሆነ ሰብታይትሉ ከካቱ ሁለት ፍሬም ቀድሞ ይውጣ። ንግግሩ ካቱን በጥቂት ፍሬም ተሻግሮ ቢያልቅም እዚያው ካቱ ላይ መቁረጥ ይሻላል። ብዙ የሚሻገር ከሆነ ደግሞ በድፍረት ይሻገር፤ ከካቱ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ይቆይ። የሚያስጠላው መካከለኛው ነው፦ አዲሱ ምስል ከመጣ በኋላ ለሦስትና ለአራት ፍሬም ተንጠልጥሎ የሚጠፋ ጽሑፍ። ተመልካቹ ምን እንደረበሸው አያውቅም፤ መረበሹን ግን ያውቃል።

አማርኛው ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛው ቀድሞ ሲያወጣው ትዕይንቱ አይበላሽም?

ይበላሻል፤ ከአማርኛ ሲተረጎም ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይህ ነው። አንዲት ሴት እንዲህ ትላለች እንበል፦ "ያንን ደብዳቤ... ሦስት ዓመት ሙሉ ትራሴ ስር የደበቅኩትን ደብዳቤ..." ዝም ትላለች። ከዚያ፣ "ቀደድኩት።" ትዕይንቱ የቆመው በዝምታዋ ላይ ነው። ሰብታይትሉ `I tore up that letter I hid under my pillow for three years.` ብሎ በአንድ ጊዜ ከወጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው እሷ ገና "ያንን ደብዳቤ" ስትል መጨረሻውን አንብቦ ጨርሷል። ዝምታዋ ባዶ ሆነ። ተዋናይቷ ያላጠፋችውን ጥፋት ሰብታይትሉ አጠፋባት።

መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ እንግሊዝኛውንም በአማርኛው ቅደም ተከተል እንዲሄድ ማድረግ ነው፦

```
41
00:06:20,200 --> 00:06:23,600
That letter I hid
under my pillow for three years...

42
00:06:24,900 --> 00:06:26,400
I tore it up.
```

የመጀመሪያው 51 ፊደል በ3.4 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 15። ሁለተኛው በ1.5 ሰከንድ 13 ፊደል ብቻ ይዟል፤ ገር ነው። በመካከላቸው ያለው 1.3 ሰከንድ ባዶ መተዉን ልብ በሉ። እንግሊዝኛው ነገሩን አስቀድሞ በኋላ `it` እያለ ማንሳቱ በንግግር የተለመደ ስለሆነ ለአንባቢው አይጎረብጠውም።

ይህን ለሁሉም ዓረፍተ ነገር ማድረግ አያስፈልግም። "ነገ ጠዋት ወደ ሥራ እሄዳለሁ" የሚል ሰው ግሡ ቀድሞ ቢወጣበት የሚበላሽ ነገር የለም። ፊልሙን አንዴ ከዚህ አንፃር ብቻ ተመልከቱና ቀልድ፣ መርዶ፣ ምስጢር፣ እምቢታ ያለባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ። በተለይ አሉታውን፦ አማርኛ "አል...ም"ን መጨረሻው ግሥ ላይ ስለሚያደርግ ተናጋሪው እስኪጨርስ እሺታና እምቢታው አይታወቅም፤ እንግሊዝኛው ግን በሁለተኛው ቃል `don't` ብሎ ይገልጠዋል።

ሁለት ሰዎች እየተቋረጡ ሲናገሩስ?

ሁለቱንም በአንድ ሰብታይትል አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ መስመር፣ ከፊቱ አጭር ሰረዝ። ከሁለት በላይ ሰው አንድ ላይ ከጮኸ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰውን ብቻ ተርጉሙ፤ ሌላው ጫጫታ መሆኑ ይሰማል። ጥያቄና መልስን በአንድ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ግን መልሱ የሚጠበቅ መሆኑን አረጋግጡ። "ታገቢኛለሽ?" እና "አይሆንም" አብረው ስክሪን ላይ ከወጡ ያው ከላይ ያልነው ጥፋት ነው።

"አንተ" እና "እርስዎ" በእንግሊዝኛ አንድ ሆኑ። ልዩነቱ ታሪኩ ውስጥ ካለበት ምን ይደረጋል?

እንግሊዝኛ `you` ብቻ ስላለው ልዩነቱን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ፊልሙን ሙሉ `sir` መርጨት አይደለም፤ ሲደጋገም የወታደር ቤት ያስመስለዋል። ለውጡ የሚከሰትበትን ቅጽበት ፈልጉ። አንድ ወጣት አለቃውን እስከ አሥረኛው ደቂቃ "እርስዎ" ሲል ቆይቶ "ተነሥ!" ካለው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰብታይትሎች `Would you sit down, sir?` ዓይነት መልክ ይኑራቸው፤ ያቺ መስመር ደግሞ ባዶ `Get up.` ትሁን። የጨዋነቱ ደረጃ በዓረፍተ ነገሩ አሠራር ውስጥ ይሰማል፤ ፊደልም ብዙ አይበላም። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ግን አስቀድማችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ፤ እዚያች ቅጽበት ላይ ስትደርሱ ብቻ ብታስቡት ዘግይቷል።

ሰዓትም የሚያስት ነገር ነው። በአማርኛ "ጠዋት ሁለት ሰዓት" ለእንግሊዝኛ አንባቢ `8 a.m.` ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በምስሉ ከታየ ጥፋቱን አዳራሹ ሁሉ ያየዋል። ምሳሌያዊ አነጋገር ሲመጣ ደግሞ አቻ የእንግሊዝኛ ተረት ከመፈለግ ምስሉን አሳጥሮ መተርጎም ይሻላል፤ ተመልካቹ ሌላ ቋንቋ እየሰማ መሆኑን ያውቃል፣ እንግዳ የሆነ ነገር ቢያነብ ይቀበላል።

ደብዳቤ፣ የስልክ መልእክት፣ ታፔላና ዘፈን ይተረጎማሉ?

ታሪኩ ከፈለጋቸው ብቻ። የተጻፈ ነገር በትልልቅ ፊደል ይወጣል፤ ንግግር እንዳልሆነ ይለያል። በዚያው ቅጽበት ሰው እየተናገረ ከሆነ ንግግሩ ይቀድማል። ዘፈንና ከምስል ውጭ የሚሰማ ድምፅ፣ ለምሳሌ ሬዲዮ ወይም ስልክ ማዶ ያለ ሰው፣ በሰያፍ ይጻፋል፤ በ`.srt` ውስጥ `<i>` እና `</i>` ማድረግ ነው።

ሰብታይትሉን ምስሉ ላይ ላትመው ወይስ ለብቻው ፋይል ልላክ?

ለምርጫ በሊንክ በምትልኩት ቅጂ ላይ አትሙት። ለብቻው የተጫነ ሰብታይትል ተመልካቹ CC የሚለውን ካልነካ ላይወጣ ይችላል፤ በርካታ ፊልም በተከታታይ የሚያይ መራጭ ደግሞ ቁልፉን ፈልጎ ይከፍታል ብላችሁ አትመኑ። ለትዕይንት የሚላከው ቅጂ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፌስቲቫሉ ምን እንደሚፈልግ ደንቡ ላይ አንብቡ። ሰብታይትል የሌለበት ንጹሕ ቅጂ፣ የ`.srt` ፋይሉና የታተመበት ቅጂ ሦስቱም ከጎናችሁ ይኑሩ። ለሊንክ የሚሆነውን ቅጂ ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም በዚህ ትእዛዝ ማውጣት ይቻላል፦

```
ffmpeg -i film.mov -vf "subtitles=film_en.srt" -c:v libx264 -crf 18 -pix_fmt yuv420p -c:a aac -b:a 320k film_en.mp4
```

`-pix_fmt yuv420p` የሚለው ካልገባ ከፕሮሬስ የወጣው ፋይል በብዙ ማጫወቻዎች ላይ አይከፈትም።

ፊልማችሁ ላይና ታች ጥቁር ያለበት ሰፊ ምስል ከሆነ ጽሑፉን ጥቁሩ ላይ አታስቀምጡ። ወርዱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ የሆነ ምስል በ1920×1080 ፋይል ውስጥ ቁመቱ 803 ገደማ ነው፤ ከላይና ከታች 138 ፒክስል አካባቢ ጥቁር ይተርፋል። ይህ ባዶ ቦታ ለሰብታይትል የተመቸ ይመስላል። ለሲኒማ ቤት የሚላከው ዲጂታል ቅጂ፣ ዲሲፒ፣ ሲዘጋጅ ግን ጥቁሩ ተቆርጦ ምስሉ ብቻ ይቀራል፤ ጽሑፉም ከጥቁሩ ጋር ተቆርጦ ይወድቃል። ምስሉ ውስጥ፣ ከታችኛው ጠርዝ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጌጥ የሌለው ነጭ ፊደል፣ ዙሪያው ስስ ጥቁር መስመር ያለው፤ ነጭ ግድግዳና ነጭ ልብስ ላይ የሚያድነው ያ መስመር ነው።

በእኔ ኮምፒውተር ልክ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሲታይ ሰዓቱ ተዛባ። ለምን?

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቦታ ብቻ ማየት ይበቃል፦ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሰብታይትል። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ወይም እኩል ከቀደሙ መነሻው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ከፊት አርማ ተጨምሯል ወይም ጥቁር ተቆርጧል። ሁሉንም በአንድ ላይ በዚያው ልክ ማንቀሳቀስ ነው።

መጀመሪያው ልክ ሆኖ መጨረሻው ከተዛባ የፍሬም ፍጥነቱ ነው የተቀየረው። በ25 ፍሬም የተሠራ የ14 ደቂቃ ፊልም ለሲኒማ ቤት ወደ 24 ሲዘገይ 840 የነበረው ሰከንድ 875 ይሆናል፤ የመጨረሻው ሰብታይትል 35 ሰከንድ ይቀድማል። ይህን ማንም ያየዋል። አታላዩ የ24 እና የ23.976 ልዩነት ነው፤ በዚያው ፊልም መጨረሻ ላይ የሚያመጣው 0.84 ሰከንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፤ ከመካከል ጀምሮ ሁሉም ነገር ትንሽ የዘገየ ወይም የቀደመ ይመስላል። በዚህ ጊዜ መስመር በመስመር በእጅ ማረም አትጀምሩ። በSubtitle Edit ውስጥ `Change frame rate` ብላችሁ የነበረውንና የሆነውን ፍጥነት ስትሰጡት ሁሉንም በአንዴ ያስተካክለዋል። ከዚያ የካቶቹን ቦታ ብቻ ዳግም ተመልከቱ፤ ሰዓቱ ሲባዛ አንድና ሁለት ፍሬም ያልፋል።

ከመላኬ በፊት በምን ላረጋግጥ?

ራሳችሁ ፍጥነቱን መመዘን አትችሉም፤ ንግግሩን በልባችሁ ስለምታውቁት ያላነበባችሁትንም ያነበባችሁ ይመስላችኋል። አማርኛ የማይሰማ፣ እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ ሰው ፊት ክፈቱት፤ ማቆምና መመለስ ክልክል ይሁን። ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ሰውዬው ዓይን ተመልከቱ። ዓይኑ ከታችኛው ጠርዝ ወደ ተዋናዩ ፊት ሳይመለስ ጽሑፉ የተቀየረበትን ቦታ ሁሉ ሰዓቱን ጻፉት፤ መቆረጥ ያለባቸው መስመሮች እነዚያ ናቸው። ካለቀ በኋላ ታሪኩን እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ያሳሳተው ስም ወይም ዝምድና ካለ የትኛው ሰብታይትል ላይ እንደጠፋበት ትደርሱበታላችሁ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ትርጉሙን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ይከታተል። ተዋናዩ ሳይናገረው ቀድሞ የሳቀበት ወይም የደነገጠበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ሰብታይትል ቁጥር ላይ ተመለሱና ክፈሉት።